የጎን ብርሃንና የደበዘዘ ጽሑፍ፦ አንድ የመቃብር ድንጋይ የማንበብ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

1ኛ ቀን፣ ረፋድ

ዛሬ ድንጋዩን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ አየሁት። የሟች ቤተሰቦች በላዩ የተቀረጸውን ቃል በሙሉ በወረቀት ላይ አስፍሬ እንድሰጣቸው ጠይቀውኛል፤ ጽሑፉ ገና ጥርት ብሎ ሳለ ካነበቡት ሰዎች መካከል ዛሬ በሕይወት ያለ የለም። ድንጋዩ ቆሞ የተተከለ፣ ቁመቱ 80፣ ስፋቱ 50 ሴንቲሜትር የሆነ ቢጫማ አሸዋማ ድንጋይ ሲሆን፣ ሰባት መስመር ጽሑፍ ተቀርጾበታል። የፊደሎቹ ቁመት ወደ 4 ሴንቲሜትር ይጠጋል። ቀለም ተቀብተው አያውቁም፤ ስለዚህ የተፈለፈለው ቦይና በዙሪያው ያለው ገጽ ፍጹም አንድ ዓይነት ቀለም አላቸው። በላዩ ላይ ደግሞ ላይከን የሚባለው፣ ድንጋይ ላይ ቅርፊት መስሎ የሚያድገው ግራጫ ነገር እዚህም እዚያም ተለጥፎበታል።

ፊት ለፊት ቆሜ ሳየው የሚታየኝ የላይከኑ ነጠብጣብና የዝናብ ውኃ ያወረደው ጥቁር ጅረት ብቻ ነው። በካሜራው ብልጭታ ፎቶ ሳነሳው ይባስ ብሎ ድንጋዩ ባዶ ሰሌዳ መሰለ። ዓይኔን ከገጹ ጋር አስተካክዬ ከጎን ስመለከት ግን በሦስተኛውና በአምስተኛው መስመር ላይ ቀጥ ያሉ ቋሚ ጭረቶች መኖራቸውን ለየሁ። ጽሑፉ አልጠፋም ማለት ነው።

ከቤተሰቡ አንዱ ኖራ ብናሽበት ወይም በሽቦ ብሩሽ ብፈትገው ይሻል እንደሆነ ጠየቀኝ። ሁለቱንም እንደማላደርግ ነገርኩት። አሸዋማ ድንጋይ ሲያረጅ አሸዋውን አጣብቆ የያዘው ነገር ከላይ በኩል ይላላል፤ ብሩሹ የሚያነሣው ቆሻሻውን ብቻ ሳይሆን የፊደሉን ጠርዝ ጭምር ነው። ኖራና ጠመኔ ደግሞ ቦዩንና በጊዜ ብዛት የተፈጠረውን ጉድጓድ ሳይለዩ ስለሚሞሉ፣ ድንጋዩ ላይ ያልነበረ ፊደል ሊፈጥሩ ይችላሉ። ላይከኑንም አልፋቀውም፤ ሥር መሰል ክሮቹ በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል የገቡ ስለሆነ ሲላጥ ድንጋዩን ይዞ ይነሣል። ዛሬ የነካሁት በለስላሳ የቀለም ብሩሽ አቧራውን ለማራገፍ ያህል ብቻ ነው።

1ኛ ቀን፣ ማታ

ከመመለሴ በፊት የቦዩን ጥልቀት ለክቼ ነበር። አጭር የብረት ማስመሪያ በአንዱ ቋሚ ጭረት ላይ አጋድሜ፣ በማስመሪያውና በቦዩ ወለል መካከል ተራ የጽሕፈት ወረቀት እያጠፍኩ አስገባሁ። የዚህ ወረቀት ውፍረት 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት ንብርብር ገባ፣ አራተኛው አልገባም። የቦዩ ስፋት ደግሞ 4 ሚሊሜትር ነው። እንግዲህ ጥልቀቱ 0.3 ሚሊሜትር፣ ከጠርዝ እስከ መሐል ያለው አግድም ርቀት 2 ሚሊሜትር ከሆነ፣ የቦዩ ተዳፋት ከድንጋዩ ገጽ ጋር የሚሠራው ማዕዘን 8.5 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ቀራጩ ሲያበጀው ስል የነበረው ቦይ ዛሬ ለስላሳ ሸለቆ ሆኗል።

ይህ ቁጥር ድንጋዩ ለምን ባዶ እንደመሰለ በትክክል ይነግረኛል። አንድ ደብዛዛ ገጽ የሚያበራው ብርሃኑ በሚያርፍበት ማዕዘን ልክ ነው፤ ብርሃኑ ይበልጥ ቀጥ ብሎ ሲመታው ይበራል፣ ሲያጋድል ይጠወልጋል። ብርሃኑ ከፊት ለፊት ሲመጣ በሜዳው ገጽና 8.5 ዲግሪ ባዘነበለው ተዳፋት መካከል ያለው የድምቀት ልዩነት አንድ ከመቶ ገደማ ነው። ይህን ልዩነት ዓይን በቀላሉ ሊለየው አይችልም፤ የላይከኑ ነጠብጣብ ብቻውን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ብርሃኑ ከገጹ 15 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ከጎን ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከመብራቱ ወዲያ የዞረው ተዳፋት ከሜዳው ገጽ ብርሃን ግማሹን እንኳ አያገኝም፤ ወደ መብራቱ የዞረው ተዳፋት ደግሞ የሜዳውን አንድ ተኩል እጥፍ ያገኛል። ያው ድንጋይ፣ ያው ቦይ ነው፤ የተለወጠው የብርሃኑ አመጣጥ ብቻ ነው።

ከ8.5 ዲግሪ በታች ስወርድ ደግሞ አንደኛው ተዳፋት ጨርሶ ብርሃን ስለማይደርሰው እውነተኛ ጥላ ይፈጠራል። ሆኖም እስከዚያ ድረስ መውረድ ትርፉ አጠራጣሪ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ የአሸዋው ቅንጣትና የድንጋዩ ሻካራነትም የየራሳቸውን ጥላ መጣል ይጀምራሉና።

3ኛ ቀን

ፀሐይን በመስታወት ለመጠቀም ሞከርኩ። አንድ ሰው የድንጋዩን ፊት በትልቅ ካርቶን ከቀጥታ ፀሐይ ሲከልል፣ እኔ ከድንጋዩ በስተቀኝ ሁለት ሜትር ያህል ርቄ በመስታወት የተመለሰውን ብርሃን በገጹ ላይ አጋድሜ አሳለፍኩት። የመስታወት ብርሃን ትልቁ ጥቅሙ ጨረሮቹ ትይዩ መሆናቸው ነው፤ የቅርቡንም የሩቁንም ጠርዝ እኩል ያበራል። በአራተኛው መስመር «ተወለ» የሚሉት ሦስት ፊደላት ወዲያውኑ ብቅ አሉ፤ ካርቶኑን ይዞ የቆመው ሰው እንኳ ካለበት ቦታ አነበባቸው።

ጉድለቱ ደግሞ ብርሃኑ አለመርጋቱ ነው። ፀሐይ በአራት ደቂቃ አንድ ዲግሪ ያህል ስለምትጓዝ፣ ካሜራውን አስተካክዬ እስክመለስ ብርሃኑ ከመስመሩ ወርዶ ይጠብቀኛል። የእጄ መንቀጥቀጥም ተጨምሮበት ካነሣኋቸው 20 ፎቶዎች መካከል ለንጽጽር የሚበቁት አራት ብቻ ናቸው። ድንጋዩን ቆሞ ለማንበብ መስታወት በቂ ነው፤ ለመመዝገብ ግን የማይንቀሳቀስ መብራትና ጨለማ ያስፈልገኛል።

5ኛ ቀን፣ ማታ

ሲመሽ ካሜራውን በባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አድርጌ፣ መሐሉን ከድንጋዩ መሐል ጋር አስተካክዬ አቆምኩ። ካሜራው ላይ ISO 100 እና f/8 መርጬ፣ የብርሃን ጊዜውን በእጅ ወስኜ፣ ማንሻውን ስጫን እንዳይነቃነቅ የሁለት ሰከንድ መዘግየት ሰጠሁት። መብራቱ ጠባብ ጨረር ያለው የእጅ ባትሪ ነው። ይዛልኝ የቆመችው የእህቴ ልጅ ናት።

የመጀመሪያው ስህተቴ መብራቱን ማቅረቤ ነበር። ከድንጋዩ ግራ ጠርዝ ግማሽ ሜትር ላይ ስናደርገው የግራው ጠርዝ ነጭ ሆኖ ተቃጠለ፣ የቀኙ ደግሞ ጨለማ ውስጥ ቀረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቀኙ ጠርዝ ከመብራቱ አንድ ሜትር ይርቃል፣ ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። መብራቱን ከድንጋዩ መሐል አንድ ሜትር ተኩል ስናርቀው ልዩነቱ ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ወረደ፤ ይህን ካሜራው ያለ ችግር ይችለዋል።

ከግራ በኩል ባነሣነው ፎቶ ላይ ጽሑፉ በሚያስደንቅ ሁኔታ ወጣ። ቋሚዎቹ እግሮች በሙሉ በአንድ ወገን ጥቁር፣ በሌላው ወገን ነጭ መስመር ይዘው ከገጹ የተነቀሉ ይመስላሉ። በዚያች ሌሊት ከሰባቱ መስመሮች አምስቱን አነበብኩ፤ በማስታወሻዬም በሦስተኛው መስመር «በ፲፰፻፹፱ ዓ.ም.»፣ በአራተኛው «ተወለደ»፣ በአምስተኛው «በ፷፰ ዓመታቸው» ብዬ ጻፍኩ። ከሁለተኛው መስመር የአባት ስም ሁለተኛውን ፊደል «በ» ብዬ አነበብኩት። ስማቸው የቤተሰቡ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ የማነሣው የሚያስፈልገኝን ፊደል ብቻ ነው።

6ኛ ቀን

ጠዋት ማስታወሻዬን ሳነበው አንድ ነገር አላስተኛኝም። አራተኛው መስመር «ተወለደ» ይላል፣ አምስተኛው ግን «ዓመታቸው» ይላል። አንድ ቀራጭ በአንድ ድንጋይ ላይ፣ ስለ አንድ ሰው፣ በመጀመሪያ አንተ፣ ወዲያው ደግሞ አንቱ ብሎ አይጽፍም። ከሁለቱ አንዱን በተሳሳተ መንገድ አንብቤያለሁ ማለት ነው፤ «ዓመታቸው» የሚለው ቃል ሁሉም ፊደሉ ጥርት ብሎ ስለሚታይ፣ ጥርጣሬዬ «ደ» ላይ ወደቀ።

ማታ ወደ ድንጋዩ ተመልሰን የእህቴ ልጅ መብራቱን በረጅም እንጨት ጫፍ አስራ ከድንጋዩ በላይ ከፍ አድርጋ ያዘችው፤ ብርሃኑ ከግራ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች ገጹን እየዳበሰ እንዲወርድ ማለት ነው። ገና ፎቶ ሳላነሣ «አጎቴ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ጭረት አለች» አለችኝ። ከ«ደ» ቀኝ ጎን፣ መሐሉ ላይ፣ አንድ ሴንቲሜትር የማትሞላ አግድም ጭረት ነበረች። «ዱ» ነው። ድንጋዩ «ተወለዱ» ይላል።

ትናንት ያልታየኝ ጭረቱ ስለተሸረሸረ አይደለም፤ ጥልቀቱ ከሌሎቹ አያንስም። ያልታየኝ ብርሃኑ በእርሱ አቅጣጫ ስለሚሄድ ነው። ከግራ የሚመጣ ብርሃን በአግድም ቦይ ውስጥ ልክ እንደ ውኃ በጅረት ርዝመቱን ተከትሎ ያልፋል፤ የላይኛውም የታችኛውም ተዳፋት እኩል ብርሃን ስለሚያገኙ በመካከላቸው ልዩነት አይፈጠርም። የጎን ብርሃን የሚያወጣው መንገዱን የሚያቋርጠውን ጭረት ነው፤ አብሮት የሚሄደውን ይደብቃል።

ይህ ደንብ ለማንኛውም ጽሑፍ ይሠራል፤ በእኛ ፊደል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ለብቻው ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የፊደሎቻችን አካል በአብዛኛው በቋሚ እግሮች ላይ የቆመ ሲሆን፣ ድምፁን የሚለውጡት ቅጥያዎች ግን ብዙ ጊዜ አጫጭር አግድም ጭረቶች ናቸው። በ«በ» ቤት ብንመለከት፣ «ቡ» ቅጥያው በቀኝ እግር መሐል ላይ፣ «ቢ» በቀኝ እግር ግርጌ፣ «ብ» ደግሞ በግራ በኩል ነው። ብርሃኑ ከግራ ወይም ከቀኝ ብቻ ሲመጣ ሦስቱም ቅጥያዎች አብረው ይሰወሩና ካዕቡም፣ ሣልሱም፣ ሳድሱም ሁሉም ግዕዝ መስለው ይነበባሉ። አንባቢው ደግሞ ምንም ጎደለ ብሎ አይጠራጠርም፤ የሚያየው ጥርት ያለ፣ የተሟላ ፊደል ነውና። ደብዛዛ ፊደል ያስጠነቅቃል፤ ጥርት ብሎ የተሳሳተ ፊደል ግን አያስጠነቅቅም።

ከዚህ በኋላ በትናንቱ ማስታወሻዬ ውስጥ ግዕዝ ብዬ የጻፍኳቸውን ፊደላት ሁሉ በእርሳስ አከበብኳቸው። አሥራ አንድ ናቸው። እያንዳንዳቸው ከላይ በሚመጣ ብርሃን ካልተረጋገጡ በቀር እንደተነበቡ አልቆጥራቸውም።

8ኛ ቀን፣ ማታ

ዛሬ ሥራውን በሥርዓት ያዝነው። አንድ ሜትር ተኩል የሚረዝም ሲባጎ አዘጋጅተን፣ አንዱን ጫፍ በድንጋዩ መሐል ትይዩ እየያዝን በሌላው ጫፍ የመብራቱን ቦታ ለካን፤ ብርሃኑ በተነሣበት ቦታ ሁሉ ርቀቱ እኩል እንዲሆን ነው። ማዕዘኑ 15 ዲግሪ እንዲሆን መብራቱ ከድንጋዩ ገጽ ወደ ውጭ 39 ሴንቲሜትር ወጥቶ መቆም አለበት፤ ለዚህም በዚያ ልክ የተቆረጠ እንጨት ተጠቀምን። ሲባጎው ፎቶው ከመነሣቱ በፊት ይነሣል። ድንጋዩ የቆመ ስለሆነና የጽሑፉ መሐል ከመሬት ብዙ ስለማይርቅ፣ መብራቱን በሙሉ ክብ ማዞር አይቻልም፤ ስለዚህ በግማሽ ክብ ላይ ከግራ፣ ከግራ ላይ፣ ከላይ፣ ከቀኝ ላይ እና ከቀኝ አምስት ፎቶ አነሣን። ካሜራውን በመካከሉ ማንም አልነካውም። አንድ ጊዜ የማቆሚያውን እግር በጫማዬ ስለገጨሁት አምስቱንም ከመጀመሪያው ደግመናል።

ለመሞከር ያህል መብራቱን ከድንጋዩ ግርጌ አስቀምጠን ወደ ላይ አበራን። በቦታው ሳየው ምንም አላስገረመኝም፤ ፎቶውን ስመለከት ግን ፊደሎቹ ተፈልፍለው የገቡ ሳይሆን ከገጹ ወደ ውጭ የወጡ ሆነው ታዩኝ። ዓይናችን ብርሃን ከላይ ይመጣል ብሎ ስለሚያስብ፣ ከታች የበራ ጉድጓድ ጉብታ ይመስለዋል። ፎቶውን ገልብጬ ሳየው ፊደሎቹ ወዲያው ወደ ውስጥ ገቡ። ይህ ቀላል ነገር ይምሰል እንጂ፣ መብራቱ የት እንደነበር ያልተጻፈበትን ፎቶ ለሚያነብ ሰው ጉብታውንና ቦዩን የሚለይበት መንገድ አይኖረውም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ፎቶ ጥግ ላይ አንድ ትንሽ የሚያብረቀርቅ የብረት ኳስ አስገብተናል፤ በኳሱ ላይ የምትታየው የብርሃን ነጥብ መብራቱ ከየት እንደመጣ ትመሰክራለች።

5 ዲግሪም ሞክረናል። እንደፈራሁት ሆነ፤ የአሸዋው ቅንጣት ሁሉ ጥላ ጥሎ ድንጋዩ እንደታረሰ መሬት ሆነ፣ ፊደሎቹም በውስጡ ተዋጡ። ከዚህም ሌላ ገጹ መሐል ላይ በትንሹ ስለሚያብጥ ከመብራቱ ወዲያ ያለው ጠርዝ ጨርሶ ጨለመ። ለዚህ ድንጋይ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ያለው ማዕዘን ይበቃዋል።

9ኛ ቀን

አምስቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጌ አሥራ አንዱን ፊደላት አንድ በአንድ መረመርኩ። ሰባቱ ከላይ በመጣው ብርሃንም ቅጥያ አልተገኘባቸውም፤ ግዕዝ ናቸው። ሦስቱ ተለወጡ፤ ከእነርሱ አንዱ ያው «ዱ» ነው። የቀረው አንዱ ጊዜዬን ሁሉ የበላው፣ የአባት ስም ሁለተኛው ፊደል ነው።

በዚህ ፊደል ላይ፣ በቀኝ እግሩ ዙሪያ፣ ሁለት ምልክቶች አሉ፤ አንዱ መሐሉ ላይ፣ ሌላው ግርጌው ላይ። የመሐሉ እውነት ከሆነ «ቡ»፣ የግርጌው እውነት ከሆነ «ቢ» ነው፤ ሁለቱም በአንድ ፊደል ላይ ሊሆኑ አይችሉም። የግርጌው ከላይ በመጣው ብርሃን ይበልጥ ጎልቶ ስለሚታይ፣ በመጀመሪያ «ቢ» ብዬ ወደ መደምደም ተቃርቤ ነበር። ነገር ግን ጎልቶ መታየት ማስረጃ አይሆንም። የሚያስፈልገው ምልክቱ መብራቱ ሲዞር ምን እንደሚሆን መመልከት ነው።

የተቀረጸ ጭረት ብርሃኑ ሲያቋርጠው ይወጣል፣ ብርሃኑ አብሮት ሲሄድ ይጠፋል። በእርጅና የተቦረቦረ ክብ ጉድጓድ ግን በየትኛውም አቅጣጫ አይጠፋም፤ ወደ መብራቱ በኩል ባለው ከንፈሩ ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጥላ ይዞ፣ መብራቱ በዞረ ቁጥር ጥላው አብሮ ይዞራል። የግርጌው ምልክት በአምስቱም ፎቶዎች ላይ አለ፤ ከግራ ሲበራ ጥላው በግራው፣ ከላይ ሲበራ በላይኛው፣ ከቀኝ ሲበራ በቀኙ በኩል ነው። ጉድጓድ ነው። የመሐሉ ምልክት ግን ከግራና ከቀኝ ሲበራ የለም፣ ከግራ ላይና ከቀኝ ላይ ሲበራ በስሱ ይታያል፣ ከላይ ሲበራ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ይህ የመሮ ሥራ ነው። ፊደሉ «ቡ» ነው።

ላይከኑንም በዚሁ ዘዴ ለየሁት። በቦይ ላይ ጥቁሩ ወደ መብራቱ በኩል፣ ነጩ ደግሞ ከመብራቱ ወዲያ ይሆናል፤ ከገጹ ከፍ ባለ ነገር ላይ ግን ተቃራኒው ነው፣ ነጩ ወደ መብራቱ፣ ጥቁሩ ወዲያ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ቅጥያ መስለውኝ የነበሩ ሁለት ነጠብጣቦች በዚህ ፈተና ወድቀዋል።

አምስቱን ፎቶዎች ወደ አንድ ምስል ለማዋሐድ ደግሞ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ከአምስቱ የደመቀውንና የጨለመውን ወስጄ ልዩነታቸውን አስቀረሁ። ሜዳው ገጽ መብራቱ ከየትም ይምጣ ድምቀቱ ብዙ ስለማይለወጥ ይጨልማል፤ ተዳፋቶቹ ግን መብራቱ ሲዞር እጅግ ስለሚለዋወጡ ደምቀው ይወጣሉ። የዝናቡ ጥቁር ጅረትና የላይከኑ ቀለምም ተዳፋት ስላልሆኑ በአብዛኛው ይጠፋሉ።

```
magick s*.jpg -colorspace Gray -evaluate-sequence max max.png
magick s*.jpg -colorspace Gray -evaluate-sequence min min.png
magick max.png min.png -compose difference -composite diff.png
```

በዚህ ምስል ላይ ቋሚውም አግድሙም ጭረት በአንድ ገጽ ላይ ይታያል፤ ለቤተሰቡ ለማሳየት ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው። ለንባብ ግን አልታመንበትም። ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ስለማይናገር፣ ጉድጓዱም፣ ላይከኑም፣ የመሮው ጭረትም በእኩል ድምቀት ይወጡበታልና፣ «ቡ»ን ከዚህ ምስል ባነብ ኖሮ አሁንም «ቢ» ባልኩ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. ቶም ማልዝቤንደርና የሥራ ባልደረቦቹ ያወጡት፣ ከብዙ ፎቶዎች ተነሥቶ መብራቱን በኮምፒውተር ላይ እንደልብ ማዞር የሚያስችለው ዘዴ ይህን ችግር ይፈታል፤ ነገር ግን በአሥሮች የሚቆጠሩ ፎቶዎችን ይፈልጋል፣ ለሰባት መስመር ጽሑፍ አምስቱን ፎቶ እያፈራረቁ ማየት በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

11ኛ ቀን፣ ማታ

የቀረው ስድስተኛው መስመር፣ የዕረፍቱ ዓመት ነው። «በ፲፱፻፶» እስከሚለው ድረስ ጥርጥር የለውም። ከዚያ በኋላ፣ «ዓ.ም.» ከሚለው በፊት፣ የድንጋዩ ገጽ እንደ ቅርፊት ተላጦ ወድቋል። ጥያቄው፣ በተላጠው ቦታ ላይ ሌላ አኃዝ ነበር ወይስ ዓመቱ በ፶ ያበቃል? የሚል ነው።

የግዕዝ አኃዝ ከላይና ከታች አግድም ሰረዝ አለው፤ ይህ ድንጋይ ላይ ደግሞ ቀራጩ ሰረዞቹን በአኃዞቹ ሁሉ ላይ ሳያቋርጥ ወጥ አድርጎ ስቧቸዋል። አግድም ስለሆኑ ከግራና ከቀኝ በተነሡት ፎቶዎች ላይ ጨርሶ የሉም። ዛሬ መብራቱን በ10 ዲግሪ ከላይ አድርገን ይህን መስመር ብቻ በቅርብ አነሣነው። መላጡ የወሰደው የመሐሉን ቦታ ነው፤ የላይኛው ሰረዝ ከ፶ አልፎ በተላጠው ቦታ አናት ላይ 3 ሴንቲሜትር ያህል ይቀጥላል፣ የታችኛውም ከስብርባሪው ሥር ጥቂት ይታያል። ሁለቱም «ዓ.ም.» ሳይደርሱ ያቆማሉ። እንግዲህ አንድ አኃዝ ነበረ፤ አካሉ ጠፍቷል፣ ጣሪያውና ወለሉ ቀርተዋል።

የትኛው አኃዝ እንደሆነ ለማወቅ ድንጋዩ ራሱ የሚሰጠን አንድ ማስረጃ ብቻ ነው፦ በ፲፰፻፹፱ መወለዳቸውና ፷፰ ዓመት መኖራቸው። 68 ዓመት ሞልቷቸው ካረፉ ዓመቱ 1957 ወይም 1958 ነው፤ 68ኛውን ጀምረው ሳይጨርሱ ካረፉ ደግሞ 1956 ወይም 1957 ይሆናል። ወሩ በልደቱም በዕረፍቱም ስላልተጻፈ ከዚህ በላይ ማጥበብ አይቻልም። 1957 በሁለቱም አቆጣጠር ስለሚገኝ ይበልጥ ሊሆን የሚችለው እርሱ ነው፤ ነገር ግን ይህ ስሌት እንጂ ንባብ አይደለም፣ በወረቀቱም ላይ እንደ ንባብ አላስገባውም።

ሰባተኛው መስመር በከፊል አፈር ውስጥ ነው። በጣቴ የላላውን አፈር ገለል አድርጌ «ዐረ» የሚለውን አነበብኩ፤ ሦስተኛው ፊደል ያለበት ጥግ ተሰብሮ የለም።

12ኛ ቀን

ዛሬ ንጹሑን ግልባጭ ጻፍኩ። የተከተልኩት የጥንት ጽሑፎች አጥኚዎች በ1931 እ.ኤ.አ. በላይደን ከተማ የተስማሙበትን ደንብ ነው፤ ከድንጋዩ የጠፋውንና አንባቢው የሞላውን በአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያስገባሉ፣ በከፊል የሚታየውንና የሚያጠራጥረውን ፊደል ከሥሩ ነጥብ ያደርጉበታል። ከሦስተኛው መስመር ጀምሮ ያለው ይህን ይመስላል፦

በ፲፰፻፹፱ ዓ.ም.
ተወለዱ
በ፷፰ ዓመታቸው
በ፲፱፻፶[.] ዓ.ም.
ዐረ[ፉ]

በስድስተኛው መስመር ቅንፍ ውስጥ ያለችው ነጥብ አንድ ያልተነበበ አኃዝ መኖሩን ታመለክታለች፤ ከግርጌው «፮፣ ፯ ወይም ፰፤ ከዕድሜው ሲሰላ ፯ ያመዝናል» ብዬ ጽፌያለሁ። የመጨረሻውን «ፉ» ከድንጋዩ አላየሁትም፤ የሞላሁት «ተወለዱ» እና «ዓመታቸው» ስለሚያስገድዱ ነው፣ ስለዚህ በቅንፍ ውስጥ ይቆያል። የአባት ስሙን «ቡ» ያለ ቅንፍና ያለ ነጥብ አስገብቼዋለሁ።

ከግልባጩ ጋር አምስቱን ፎቶዎች፣ የተዋሐደውን ምስል፣ እንዲሁም መብራቱ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ከየት አቅጣጫ፣ በምን ያህል ርቀትና በስንት ዲግሪ እንደመጣ የሚገልጽ አንድ ገጽ አያይዤ ለቤተሰቡ አስረከብኩ። ታላቅየዋ እህት ወረቀቱን ተቀብለው አራተኛውን መስመር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡና፣ ማታ መጥተው በመብራት ሊያዩት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ለነገ ማታ ተቀጣጥረናል፤ እንጨቱንና ባትሪውን ይዤ እሄዳለሁ።